ትርፍ አፈሩ በምን ይለካል?

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ የትምህርት ቤት ማስፋፊያ ወይም የድጋፍ ግንብ ሥራ ሲጓተት ሁለት ምክንያቶች ቀድመው ይነሳሉ፤ የዋጋ ንረትና ሌብነት። ሁለቱም አሉ፣ የሚያስተባብላቸውም የለም። በእኔ ግምት ግን ብዙው ክርክር የሚወለደው ከዚያ በፊት ነው፤ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ባለው የሥራ ዝርዝር፣ ባለሙያዎች ቢኦኪው በሚሉት ሰንጠረዥ፣ አንዱ ሥራ በተገለጸበት መስመር ላይ። ተጫራቾቹ ለአንድ ሥራ ዋጋ የሰጡ ይመስላቸዋል፤ መስመሩን ያነበቡት ግን በየራሳቸው ነው።

ነገሩ በሁሉም መስመር ላይ አይከፋም። የኮንክሪቱን ክፍል ብታዩ ለዓመታት ሲገለበጥ የኖረ ጥሩ አጻጻፍ አለ፤ ሲ-25 ኮንክሪት፣ በሜትር ኪዩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ፣ በቫይብሬተር ተጠቅጥቆ፣ ፎርምወርክና ብረት ለብቻቸው የሚለኩ። የመጨረሻዋ ሐረግ ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ብረቱ በኪሎ፣ ፎርምወርኩ በሜትር ካሬ የራሳቸው መስመር እንዳላቸው ስለሚታወቅ ማንም ሁለቴ አያስገባቸውም፣ ማንም አይረሳቸውም። ችግሩ ያለው አማካሪው ቶሎ ብሎ በሚያልፈው በአፈር ሥራው ክፍል ነው።

ለምሳሌ ከአየር ጤና ወደ ረጲ በሚወስደው በኩል አንድ የመማሪያ ክፍል ሕንፃ ይሠራል እንበል። በዝርዝሩ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ትርፍ አፈር ማንሳትና አማካሪው ወደሚያዘው ቦታ መውሰድ፤ ሜትር ኪዩብ፤ 400»። ካርት አዌይ የሚባለው ይህ ነው። አፈር ሲቆፈር ይላላል፣ ይነፋል። በ30 በመቶ ይጨምራል ብለን ብንይዝ መሬት ውስጥ 400 የነበረው ሲኖትራክ ላይ ሲወጣ 520 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ታዲያ ሰንጠረዡ ላይ ያለው 400 የትኛው ነው? ከመቆፈሩ በፊት ያለው ወይስ መኪና ላይ የተጫነው?

ለሒሳቡ እንዲቀለን 16 ሜትር ኪዩብ የሚጭን መኪና ለአንድ ምልልስ 3,000 ብር ይጠይቃል እንበል። መጠኑን የላላ አፈር አድርጎ ያነበበው ተጫራች 3,000ን ለ16 ያካፍልና 187.50 ብር ይሞላል፤ በ400 ሲባዛ 75,000 ብር። መጠኑ ከመቆፈሩ በፊት ያለው ነው ብሎ ያነበበው ደግሞ መላላቱን ጨምሮ 243.75 ይሞላል፤ ድምሩ 97,500 ብር። መኪናው አንድ ነው፣ አፈሩ አንድ ነው፣ ወጪያቸውም አንድ ነው። በዚህ መስመር ላይ ግን የመጀመሪያው በ22,500 ብር ረክሶ ይታያል። እንዲህ ያሉ አምስት ስድስት መስመሮች ከተደራረቡ አሸናፊው የሚለየው በሥራ ችሎታ ሳይሆን በአነባበብ ነው።

ከዚያ ክፍያ ይመጣል። ርካሹ ተቋራጭ አፈሩን ሲያነሳ 33 ምልልስ ያስመዘግባል፣ 33 በ16 ሲባዛ 528 ሜትር ኪዩብ ይላል፣ በ187.50 አባዝቶ 99,000 ብር ይጠይቃል። ተቆጣጣሪው ከተቀበለው አሠሪው «ውድ» ብሎ ከጣለው ዋጋ በላይ ከፈለ ማለት ነው። ካልተቀበለው ተቋራጩ ይከስራል፤ የከሰረ ተቋራጭ ደግሞ ኪሳራውን ከሌላ ቦታ ለማውጣት ይሞክራል፣ ወይም ሥራውን ያቀዘቅዛል። ሌባ ሳይኖርም ሁለቱም ወገን ሌላውን ሌባ ብሎ ይለያያል።

በዚያው መስመር ላይ ርቀቱም አልተነገረም። «አማካሪው ወደሚያዘው ቦታ» የሚለው ለአማካሪው ይመቻል፤ ዋጋ ለሚሞላው ግን ሦስት ኪሎ ሜትርም አሥራ አምስትም ሊሆን ይችላል። በ2009 ዓ.ም. ረጲ ላይ የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰው ባለቀበት አካባቢ የመድፊያ ቦታን ሳይጠሩ ማለፍ እንደ ቀላል ነገር መታየቱ ይገርመኛል። ቦታው ካልተጠራና ካልተከፈለበት አፈሩ በአቅራቢያው ወንዝ ዳር ሊደፋ ይችላል።

የልኬት ደንብ የለም እንዳይባል በ1983 ዓ.ም. ባትኮዳ ያወጣው የሕንፃ ሥራ የቴክኒክ ዝርዝርና የልኬት ዘዴ አለ፤ ዛሬም ሰነዶች ይጠቅሱታል። መጥቀስ ግን አይበቃም። መግቢያው ላይ «ልኬቱ በባትኮዳ ነው» ተብሎ ውስጡ ያለው መስመር ሌላ ነገር ቢል የትኛው እንደሚቀድም መነገር አለበት። ያለበለዚያ እያንዳንዱ ወገን የሚጠቅመውን ገጽ ይዞ ይመጣል።

መስመሩ እንዴት ቢጻፍ ይሻል ነበር? በእኔ አስተያየት እንዲህ፦ «ከመሠረት ቁፋሮ የተረፈውን አፈር መጫን፣ እስከ 10 ኪ.ሜ. ድረስ አሠሪው ወዳዘጋጀው መድፊያ ማጓጓዝና መድፋት። ልኬቱ በሜትር ኪዩብ፣ በሥዕሉ ላይ ባለው የቁፋሮ ስፋትና ጥልቀት፣ ከመቆፈሩ በፊት ባለው መጠን ሲሆን ለመልሶ ሙሌት የዋለው ይቀነሳል። ለመላላት ተጨማሪ አይለካም፤ ነጠላ ዋጋው ያካትተዋል።» ይረዝማል፣ አዎ። ግን መኪና ቆጥሮ የሚያከራክር ሰው አይኖርም። ከሥዕሉ ወጥቶ በስፋት የቆፈረም ትርፉን በራሱ ወጪ ያነሳል።

ዓለት ደግሞ የባሰ ነው። በክፍለ ከተማው ተዳፋት በሆነው በኩል ጥቂት እንደቆፈሩ ድንጋይ ሊያጋጥም ይችላል። አንዳንድ አማካሪ «በማንኛውም ዓይነት መሬት ቁፋሮ» ብሎ ሁሉንም በአንድ ዋጋ ይጠቀልላል። ግልጽ ነው፣ ግን ውድ ነው፤ ጠንቃቃው ተጫራች የዓለቱን ስጋት በእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ ላይ ይጭናል፣ ዓለቱ ባይገኝም አሠሪው ይከፍላል። ሌላው አማካሪ ዓለትን ለብቻ አውጥቶ «10 ሜትር ኪዩብ» ብሎ በግምት ይጥላል። ጎረቤት ግቢ ሲቆፈር ያየ ተቋራጭ 10 ሳይሆን 150 እንደሚወጣ ያውቃል። ስለዚህ የአፈሩን ዋጋ ዝቅ፣ የዓለቱን እጅግ ከፍ አድርጎ ይሞላል። በ10 ሲባዛ ድምሩን ስለማይነካው ያሸንፋል፣ በ150 ሲለካ ግን ይሰበስባል። ለዚህ መድኃኒቱ ከጨረታው በፊት ሁለት ሦስት የሙከራ ጉድጓድ ማስቆፈርና «ዓለት» ማለት በኤክስካቬተር ባልዲ የማይነሳ፣ መሰርሰሪያ የሚፈልግ ማለት እንደሆነ መጻፍ ነው። ዓለቱ ከመነሳቱ በፊት ሁለቱም ወገን ቆመው እንዲለኩትም ይጻፍ። ከተሸፈነ በኋላ የሚለካ ነገር የለም።

ድክመቱ የሚታየው ጨረታ ሲከፈት ነው። የኮንክሪቱ ነጠላ ዋጋ በተጫራቾች መካከል ተቀራርቦ የካርት አዌዩ አንዱ የሌላውን ሦስት እጥፍ ከሆነ፣ ከተጫራቾቹ በፊት መግለጫውን እጠረጥራለሁ። ያን ጊዜ ግን ረፍዷል፤ ዋጋ ከተከፈተ በኋላ መስመሩን ማስተካከል ውድድሩን ማፍረስ ነው። ማስተካከያው የሚቻለው ከመክፈቻው በፊት፣ ተጫራች ማብራሪያ ሲጠይቅና መልሱ የጠያቂው ስም ሳይጠራ ሰነዱን ለገዙ ሁሉ በጽሑፍ ሲደርስ ነው። ክፍተቱን ያየው ብልህ ተጫራች ግን አይጠይቅም፤ ዝም ማለቱ ያዋጣዋል። ስለዚህ ጥያቄ ያልመጣበትን ሰነድ ግልጽ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ አሠሪው ከመሸጡ በፊት ሰነዱን ላላዘጋጀ ሌላ ኳንቲቲ ሰርቬየር ሰጥቶ በየመስመሩ ዋጋ እንዲሞላ ቢያደርግ፣ ሰውየው «ይህ የላላው ነው ወይስ ያልተቆፈረው?» ብሎ የሚጠይቅባቸው መስመሮች ወዲያው ይወጣሉ።