ንግግር ሲከፈት ማን ቀድሞ ይጠራ?

በፕሮቶኮል ሥራ ላይ ብዙ የምጠየቀው ይኸው ነው። ሰላምታ የሚጀመረው በማዕረግ ከሁሉ ከሚበልጠው ነው፤ ዕድሜና ትውውቅ አይቆጠሩም።

አዲስ አበባ ውስጥ ዓውደ ጥናት ይከፈታል እንበል። ሚኒስትር፣ ሁለት አምባሳደሮችና ሌሎች እንግዶች ተገኝተዋል። ተናጋሪው «ክቡር ሚኒስትር፣ ክቡራን አምባሳደሮች፣ ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፣ ክቡራትና ክቡራን» ብሎ ወደ ጉዳዩ ይገባል። ከዚህ በላይ የስም ዝርዝር አዳራሹን ያሰለቻል፤ ደግሞም አንድ ሰው መዘለሉ አይቀርም።

አምባሳደሮቹን በየስማቸው መጥራት ግድ ከሆነ የአገራቸው ትልቅነት ቦታ የለውም። በ1961 እ.ኤ.አ. የቪየና ስምምነት መሠረት እኩል ደረጃ ካላቸው መካከል ሥራውን ቀድሞ የጀመረው ይቀድማል። የትንሿ አገር አምባሳደር ሥራቸውን ቀድመው ከጀመሩ ቀድመው ይጠራሉ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ተወካይ ሲላክ ነው። ሚኒስትሩ ቀርተው ዳይሬክተር ከመጡ፣ የተጻፈውን ዝም ብሎ «ክቡር ሚኒስትር» ብሎ ማንበብ ሰውየውንም ያሸማቅቃል። «ሚኒስትሩን ወክለው የተገኙት አቶ እገሌ» ይባላል፤ ተወካይ እንደ ልማዱ የሚይዘው የራሱን ማዕረግ ነውና። ስለዚህ ወደ መድረክ ከመውጣታችሁ በፊት ማን እንደመጣ ከእንግዳ ተቀባዮቹ ጠይቁ፤ ወረቀቱንም በእስክሪብቶ አርሙት።