አንድ ጥያቄ በመተማ፦ የተጣራ አስተዋዋቂ ነጥብ ምን ይለካል?

ፍሬድ ራይክሄልድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባሳተመው ጽሑፍ፣ ድርጅቶች የደንበኞቻቸውን ታማኝነት በአንድ ጥያቄ ሊለኩ እንደሚችሉ ተከራከረ። ጥያቄው ደንበኛው ድርጅቱን ለወዳጁ ወይም ለሥራ ባልደረባው የመጠቆም ዕድሉን ከ0 እስከ 10 ባለው ሚዛን እንዲገምት ይጠይቃል። 9 እና 10 የሰጡት አስተዋዋቂ፣ 7 እና 8 የሰጡት ገለልተኛ፣ ከ0 እስከ 6 የሰጡት ደግሞ ነቃፊ ይባላሉ። ከአስተዋዋቂዎቹ መቶኛ የነቃፊዎቹ መቶኛ ሲቀነስ የተጣራ አስተዋዋቂ ነጥብ ይገኛል።

የመለኪያው ጥንካሬ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ጎልቶ ይታያል። በመተማ ዮሐንስ የሚገኝ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ከደንበኞቹ መካከል የሰሊጥ አምራቾችን፣ የድንበር ነጋዴዎችን እና ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱ የጉልበት ሠራተኞችን ሊያገኝ ይችላል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሠላሳ ጥያቄ ያለውን መጠይቅ አንብበው አይሞሉም፤ አንዱን ጥያቄ ግን በስልክ ሰምተው ወዲያው ይመልሳሉ። ቀጥሎ «ምክንያትዎ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ የበለጠ ይጠቅማል።

ችግሩ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። ጥያቄው በቀጥታ ሲተረጎም «ለወዳጅዎ ምን ያህል ይመክራሉ?» የሚል ይሆናል። በአማርኛ ግን መምከር የሽማግሌ ተግባር ነው፤ ተግሣጽንም ይጨምራል። በዕድሜ የገፋ ተጠያቂ ጥያቄው የመምከር ችሎታውን የሚመለከት ሊመስለው ይችላል። «ወዳጅዎ ገንዘቡን የት ላስቀምጥ ብሎ ቢጠይቅዎ፣ ወደዚህ ቅርንጫፍ ይልኩታል?» ማለት ለታሰበው ፍች ይቀርባል። የሚዛኑም ነገር እንዲሁ ነው፤ በትምህርት ቤት ውጤት ለለመደ ሰው ከ10 ስድስት ማግኘት ማለፊያ ነው፣ መለኪያው ግን ይህን ሰው ከነቃፊዎች ይደምረዋል። በአንጻሩ ለጠያቂው ያለው ይሉኝታ ነጥቡን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለቱ ስሕተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ እንጂ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ ብሎ ለማሰብ ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ገደብ የናሙና ነው። ለአብነት ያህል 100 ደንበኞች ተጠይቀው 40ዎቹ አስተዋዋቂ፣ 25ቱ ነቃፊ ቢሆኑ ነጥቡ 15 ይሆናል። በዘፈቀደ በተመረጠ ናሙና የ95 በመቶ የእምነት ወሰኑ ወደ 15.5 ነጥብ ግድም ስለሆነ፣ እውነተኛው ዋጋ ከዜሮ በታችም ሊሆን ይችላል። ወሰኑን በግማሽ ለመቀነስ 400 ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በሁለት ወራት መካከል የታየ የአምስት ወይም የስድስት ነጥብ ልዩነት፣ ሥራ አስኪያጁን ቢያስደስትም፣ ለውጥ መኖሩን አያረጋግጥም።

ከሁሉ የከፋው ወቅቱ ነው። የቅርንጫፉ ነዋሪ ደንበኞች ነጥብ 20፣ የወቅት ሠራተኞች ነጥብ ደግሞ −10 ነው እንበል። በመጋቢት ከተጠያቂዎቹ 20 በመቶው ሠራተኞች ቢሆኑ ጠቅላላው ነጥብ 14 ይሆናል። በጥቅምት፣ አጨዳው ሲደርስ፣ ሠራተኞቹ 60 በመቶ ቢሆኑ ነጥቡ ወደ 2 ይወርዳል። አገልግሎቱ አልተለወጠም፤ የአንድም ደንበኛ አስተያየት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተጠያቂዎቹ ስብጥር ብቻ ነው። የሁለቱን ቡድኖች ድርሻ በሁለቱም ወራት እኩል አድርጎ ቢመዝኑት ነጥቡ ሁለቴም 5 ሆኖ ይገኛል። በእርሻ ሠፈር ኔትወርክ በማይደርስበት ቦታ ያሉት ሠራተኞች ስልክ ሳይነሣ ሲቀር ስሕተቱ አቅጣጫውን ይለውጣል፦ ቅር የተሰኙት ከናሙናው ስለሚወጡ ነጥቡ ያለ አግባብ ይጨምራል።

ራይክሄልድ ራሱ ደንበኛ አማራጭ በሌለው ገበያ ጥያቄው ዕድገትን በሚገባ እንደማይተነብይ ጽፎ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ ግን ይህን ቅድመ ሁኔታ አዘውትረው ይረሱታል። የሰሊጥ ግብይት በሕግ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲያልፍ በታዘዘበት ዘመን፣ አንድን አምራች «ይህን መንገድ ለወዳጅህ ትጠቁማለህ?» ብሎ መጠየቅ ስለ እርካታው ሊነግር ይችል ይሆናል፣ ስለ ታማኝነቱ ግን አይነግርም። የአጠቃላይ ትንበያ ኃይሉንም ኪኒንግሃምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 በጆርናል ኦፍ ማርኬቲንግ ፈትሸው፣ ከሌሎች የእርካታ መለኪያዎች የላቀ ሆኖ አላገኙትም።

ለቅርንጫፉ ግን ከጥያቄው የበለጠ ማስረጃ በእጁ አለ። ባለፈው አጨዳ ደመወዙን በዚህ ሒሳብ ወደ ቤተሰቡ የላከ ሠራተኛ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ያንኑ ሒሳብ ያንቀሳቅሳል ወይስ ሌላ ይከፍታል? ይህ ከመዝገብ የሚነበብ ነው። ለጥያቄው 9 የሰጡት ሠራተኞች 5 ከሰጡት ይልቅ በብዛት መመለሳቸው ከታየ፣ ነጥቡ በዚያ ቦታ ትርጉም አለው፤ ካልታየ ግን የስልክ ወጪው ለሌላ ሥራ ይውላል።