ሁለት አንቀጽ ስለ አንድ ፋርማሲ

የፋርማሲ ባለቤት የሆነች አንዲት ሴት ጠዋት ሱቋን ከፍታ ስልኳን ስታይ ከማታውቀው ሰው ኢሜይል ደርሷታል እንበል። ከአከፋፋዮች ጋር የምትነጋገረው በስልክ ነው፣ ከሠራተኞቿ ጋር በቴሌግራም። በኢሜይል የሚመጣላት የዋጋ ማቅረቢያና የባንክ ማስታወቂያ ነው። ለዚህ እንግዳ መልእክት የምትሰጠው ጊዜ የመጀመሪያው ደንበኛ መስኮቱ ላይ እስኪቆም ያለችውን ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያች ደቂቃ «ጥራት ያለው አገልግሎት እንሰጣለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አይነግራትም። «እንደ እርስዎ ያለ አንድ ፋርማሲ እንዲህ ነበር፤ አሁን እንዲህ ሆኗል» የሚል ግን ቀና ብላ የራሷን መደርደሪያ እንድታይ ያደርጋታል።

ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው ይህን ዓይነቱን ደብዳቤ ነው። በሽያጭ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ኬዝ ስተዲ ይሉታል። ሙሉው ኬዝ ስተዲ ብዙ ገጽ ሊኖረው ይችላል፤ የኢሜይሉ ግን ሁለት አንቀጽ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ሌላው ደንበኛ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የነበረበትን ሁኔታ ይናገራል። ሁለተኛው ምን እንደተሠራና ከዚያ በኋላ ምን እንደተለካ ይናገራል። ሦስተኛ አንቀጽ ሲጨመር ባየሁት ቁጥር ስለ ጸሐፊው ድርጅት ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ አንባቢዋ ደግሞ ገና ያንን አልጠየቀችም።

ሥራዬ ለፋርማሲዎች የመድኃኒት ክምችት ቁጥጥር ማደራጀት ስለሆነ ምሳሌዬን ከዚያው አመጣለሁ። ፋርማሲው ለዚህ ጽሑፍ የተበጀ ነው፤ ቁጥሮቹም እንደዚሁ። ችግሩ ግን መድኃኒት የሚሸጥ ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ ተገዝቶ ተደርድሮ ሳይሸጥ ጊዜው የሚያልፍበት፣ በሠራተኞቹ አፍ ኤክስፓየር የሚያደርግ መድኃኒት።

መጀመሪያ የሚመረጠው ደንበኛ ነው። ታሪኩ የሚጻፈው ደንበኛና አንባቢዋ ሁለቱም ፋርማሲ ስላላቸው ብቻ አይመሳሰሉም። የሆስፒታል ፋርማሲና የሰፈር ፋርማሲ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ በአንደኛው ግዢ በኮሚቴ ያልፋል፣ በሌላው ባለቤቱ ማታ ሱቅ ሲዘጋ በስልክ ያዛል። ስለዚህ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ መጠኑ የሚቀራረብ፣ ችግሩ ያው የሆነ፣ ግዢ የሚወስነውም በተመሳሳይ ቦታ የተቀመጠ ሰው። ሦስቱን የሚያሟላ ደንበኛ ከሌለኝ ኢሜይሉን አልጽፈውም። ትልቅ ስም ያለው ደንበኛ ማስገባት ይፈትናል፤ ነገር ግን የሰፈር ፋርማሲ ባለቤት ያንን ስታነብ «እነሱማ አቅም አላቸው» ብላ ትዘጋዋለች።

ቀጥሎ የሚመጣው የ«በፊት» ቁጥር ነው፤ ከሁሉም የሚከብደኝም እሱ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚለካው አይቸግርም፣ እዚያው ስለሆንን እንለካዋለን። የበፊቱ ግን ሥራው ሳይጀመር ካልተያዘ ኋላ በግምት ይሞላል። መድኃኒት ላይ አንድ መልካም ነገር አለ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እንደ ተራ ቆሻሻ አይጣልም፤ ተለይቶ ይቀመጣል፣ ይመዘገባል፣ የሚወገደውም በሥርዓት ነው። የበፊት ቁጥር ያለው እዚያ መዝገብ ላይ ነው። የባለቤቱ ትውስታ ላይ አይደለም፤ ሰው የሚያስታውሰው በጣም የቆጨውን ነውና።

በዚሁ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ለአንድ ደንበኛ የሠራነውን ስጽፍ፣ እኛን ከመጥራታቸው በፊት የነበረውን የመጨረሻ ወር እንደ «በፊት» ወሰድሁ። ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ ወጣ፤ ደስ ብሎኝ ላክሁት። የደረሳቸው ሰው ደውለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር፦ «የእኔ ልጅ፣ ይሄ የትኛው ወር ነው?» ሰው ባለሙያ የሚጠራው ሲብስበት ነው። የባሰበት ወር ደግሞ ምንም ባይደረግለትም በሚቀጥለው ወር ጥቂት መሻሻሉ አይቀርም። እኔ ያን መሻሻል ከሥራችን ጋር ደምሬ ጽፌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የአንድ ወር መለኪያ አልጠቀምም፤ ቢያንስ ሦስት ወር እወስዳለሁ። «በኋላ» የሚባሉት ሦስት ወራትም በሚቀጥለው ዓመት ያሉት እነዚያው ወራት መሆን አለባቸው። ክረምቱ ወጥቶ ወባ በሚበዛበት ጊዜ የሚሸጠውና በበጋ የሚሸጠው መድኃኒት አንድ አይደለም፤ መስከረምን ከሚያዝያ ጋር ማወዳደር ወቅቱን ከሥራው ጋር ማምታታት ነው።

ሌላው የሚያሳስተው ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች በብር ዋጋቸው ተለውጧል፤ መድኃኒትም አብሮ። ከዚያ ቀን በፊት ያለን ብር ከዚያ በኋላ ካለው ብር ጋር አጠገብ ለአጠገብ የሚያስቀምጥ ኢሜይል፣ ጸሐፊው ባያስበውም፣ ሐሰት ይናገራል። ሽያጭ እያሳየ ከሆነ አንድም ፓኬት ሳይጨመር ገቢው ያደገ ይመስላል። ኪሳራ እያሳየ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ሥራውን ያሳንሰዋል። በምሳሌአችን በ2016 በሦስት ወር 248 ፓኬት ጊዜው አልፎበታል፤ በ2017 በእነዚያው ወራት 78። የአንዱ ፓኬት አማካይ ዋጋ መጀመሪያ 200 ብር፣ ኋላ 300 ብር ነው እንበል። በየጊዜው ዋጋ ሲሰላ ኪሳራው ከ49,600 ወደ 23,400 ብር ወርዷል፤ በግማሽ እንደቀነሰ ይመስላል። በፓኬት ሲቆጠር ግን ከሁለት ሦስተኛ በላይ ቀንሷል። ስለዚህ ዋናው መለኪያዬ የፓኬት ቁጥር ነው፤ ብር ካስፈለገ ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ዓመት ዋጋ አሰላዋለሁ፣ ያንንም በደብዳቤው ላይ እናገራለሁ።

እንግዲህ ኢሜይሉ ይህ ነው። ርዕሱ «ጊዜው የሚያልፍበት መድኃኒት፦ ከ100 ፓኬት 4 የነበረው 1.2 ሆነ» ይላል፤ ከሰላምታው በኋላ፦

«በእርስዎ ፋርማሲ መጠን ያለ፣ ግዢውን ባለቤቱ ራሳቸው የሚያዙበት አንድ ፋርማሲ እናግዛለን። በጥር፣ በየካቲትና በመጋቢት 2016 ከመደርደሪያቸው ከወጣው 6,200 ፓኬት ውስጥ 248ቱ የወጣው ተሽጦ ሳይሆን ጊዜው አልፎበት ነው፤ ከ100 ፓኬት 4 ማለት ነው። መድኃኒቱ ፈላጊ አጥቶ አልነበረም። አዲስ የመጣው ከፊት ይደረደር ስለነበር አሮጌው ከኋላ ይቀር ነበር፤ ግዢውም በግምት ይታዘዝ ነበር።

ከሰኔ 2016 ጀምሮ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ከፊት እንዲደረደር አደረግን፤ ስድስት ወር የቀረውን በየወሩ ለይተን ለብቻው አስቀመጥን፤ ግዢውም ያለፉት ሦስት ወራት ሽያጭ እየታየ መታዘዝ ጀመረ። ሥራው መጀመሪያ የሁለት ቀን ቆጠራ፣ ከዚያ በሳምንት የአንድ ሠራተኛ ሁለት ሰዓት ወስዷል። በ2017 በእነዚያው ሦስት ወራት ከ6,500 ፓኬት ጊዜው ያለፈበት 78 ነው፤ ልዩነቱ በ2017 ዋጋ 51,000 ብር ገደማ ያወጣል። በማቀዝቀዣ በሚቀመጡት መድኃኒቶች ላይ ግን እስካሁን ለውጥ አላየንም። በእርስዎ ፋርማሲ ባለፉት ሦስት ወራት ጊዜው አልፎበት የተመዘገበው ስንት ፓኬት ነበር?»

ያለቀው እዚህ ነው፤ በስልክ ብዙ ሳይገፋ የሚነበብ። የመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ስለ እኛ ያለው «እናግዛለን» የሚል አንድ ቃል ነው። ምክንያቱ የተጻፈው ከቁጥሩ ቀጥሎ ነው፤ ባለቤቷ ቁጥሩን ባታምን እንኳ አሮጌው ከኋላ ሲቀር በዓይኗ አይታለች። ምክንያት የሌለው «በፊት» ክስ ይመስላል፣ ሰውዬው ሰነፍ ነበር የማለት ያህል። ምክንያት ሲኖረው ግን ማንንም ሊገጥም የሚችል ነገር ይሆናል።

መጀመሪያ በጻፍሁት ረቂቅ ርዕሱ «ብክነትን ከመቶ 69 ገደማ ቀነስን» ይል ነበር። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ሆኖም ሦስት ፓኬት አንድ ቢሆንም ከመቶ 67 ገደማ ቀንሷል ሊባል ይችላል። መነሻና መድረሻው አብረው ካልተጻፉ አንባቢዋ የለውጡን መጠን አታውቅም፣ የማታውቀውንም አታምንም።

ስለ ማቀዝቀዣው የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር እንዳወጣው የሥራ ባልደረቦቼ ደጋግመው ጠይቀውኛል። አላወጣሁትም፣ አላወጣውምም። ያልተሳካውን ባልናገር ባለቤቷ ፍሪጇ ውስጥ ያሉትን ውድ መድኃኒቶች እያሰበች ውል ትፈርማለች፤ በሦስተኛው ወር ቅያሜ ይመጣል። በተረፈ ከሥራችን ጋር አብሮ የተለወጠ ሌላ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ፋርማሲው በዚያው ዓመት ጊዜው የቀረበበትን የሚመልስለት አከፋፋይ አግኝቶ ከሆነ፣ እሱም በአንድ ሐረግ መጠቀስ አለበት። አለበለዚያ የአከፋፋዩን ሥራ ለራሳችን ወስደናል።

የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ቁጥር ነው። «ለመነጋገር ፍላጎት ይኖርዎታል?» ብንል ኖሮ መልሱ ዝምታ ይሆን ነበር። የተመዘገበ ፓኬት ግን ተነስቶ መዝገብ የሚታይበት ነው፤ ባለቤቷ ለእኔ ባትመልስ እንኳ ለራሷ ትቆጥራለች። ቁጥሯ ከ100 ፓኬት አንድ ብቻ ሆኖ ከተገኘ እኛ አናስፈልጋትም፤ ያንንም ብትጽፍልኝ አመሰግናታለሁ።

ከመላኩ በፊት አንድ ስልክ ይደወላል፣ ታሪካቸው ለተጻፈው ደንበኛ። ስማቸው ባይጠቀስም የመድኃኒት ነጋዴው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ሰፈሩንና በአጠገቡ ያለውን ክሊኒክ ብጽፍ ስም እንደ መጥራት ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንቀጾች በስልክ አነብላቸዋለሁ፤ ይቅር የሚሉት ካለ ይወጣል። ከዚያ አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፦ ደብዳቤው የደረሳት ባለቤት ከእርስዎ ጋር ልነጋገር ብትል ስልክዎን ልስጣት? አንዳንዶቹ ከስድስት ሰዓት በኋላ ብቻ ይላሉ፣ ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል።