ከሚኒባስ ስንወርድ፤ ከረጅም መቀመጥ በኋላ ስለሚመጣ የወገብ ሕመም

በሪያድ የምንማር ኢትዮጵያውያን ሐኪም ዘንድ ሳንሄድ እርስ በርሳችን ከምንመካከርባቸው ሕመሞች አንዱ የወገብ ሕመም ነው። ሌሊቱን መጽሐፍ ላይ ተደፍተን እናድራለን፤ በማግሥቱም ወገባችንን ይዘን እንነሣለን። ብዙዎቻችን መፍትሔው እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ ሲብስም አልጋ ይዞ መተኛት ይመስለናል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው ግን ዋናው ችግር ሳይነቃነቁ መቆየት መሆኑን፣ ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የምትሻው ጊዜም ከመቀመጫችን የምንነሣባት ጥቂት ደቂቃ መሆኗን ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በአንድ ባልደረባችን ላይ የደረሰውን እንመልከት። ይህ ባልደረባችን ለፈተና ሲዘጋጅ ሦስት ሳምንት ያህል ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጦ፣ መጽሐፉን እግሩ ሥር ዘርግቶ ያጠና ነበር። ፈተናው እንዳለቀ ሐሙስ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሚኒባስ ተኮናትረው ለዑምራ ወደ መካ ሄዱ። ከሪያድ እስከ መካ ያለው መንገድ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ ጉዞው ሌሊቱን ይፈጃል። ለእርሱ የደረሰው ከኋላ ጎማ በላይ ያለው ወንበር ነበር። እዚያ ላይ ወለሉ ከፍ ስለሚል ጉልበቱ ወደ ደረቱ ቀረበ፤ ወገቡም ጎበጠ። ሲመለሱም በዚያው ወንበር ተቀመጠ። ሪያድ ደርሰው ሚኒባሱ እንደቆመ፣ ገና ከወንበሩ ሳይነሣ ወደ ጎን ተጠምዝዞ አጎነበሰና ከወንበሩ ሥር የነበሩትን ሁለት ባለ 5 ሊትር የዘምዘም ውኃ ዕቃዎች በአንድ ጊዜ ሳባቸው። ያን ጊዜ ወገቡ ቆልፎ ያዘው፤ ቀና ማለትም አቃተው።

አሥር ሊትር ውኃ ለጤነኛ ወጣት ከባድ ሸክም አይደለም። ታዲያ ወገቡን ምን ነካው? የአከርካሪ አጥንቶቻችን እርስ በርሳቸው የተያያዙት በጅማቶችና ዲስክ በሚባሉት ልስልስ ትራሶች ነው። ጎብጠን ስንቆይ ከኋላ በኩል ያሉት ጅማቶች ቀስ በቀስ እየተለጠጡ ይላላሉ። ነገሩ አገር ቤት እንደምናውቀው ጠፍር አልጋ ነው፤ ብዙ የተቀመጡበት ጠፍር ይረግባል። የእኛ ጅማት ከጠፍሩ የሚለየው ጊዜ ከተሰጠው ራሱን መልሶ የሚወጥር በመሆኑ ነው። ማክጊልና ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1992 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ለ20 ደቂቃ ጎንበስ ብለው ተቀምጠው እንዲቆዩ አደረጉ። ቀና ካሉ በኋላ ከላላው ግማሽ ያህሉ በ2 ደቂቃ ውስጥ ተመለሰ፤ ቀሪው ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። እንግዲህ ባልደረባችን ዕቃውን የሳበው ወገቡ እጅግ በላላበት ሰዓት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ከረጅም ጉዞ በኋላ ስንወርድ ዕቃ ለማውረድ አንሽቀዳደም። በመጀመሪያ ቀና ብለን እንቁም፤ እጃችንን ወገባችን ላይ አድርገን አምስት ስድስት ጊዜ በዝግታ ወደ ኋላ እንለጠጥ፤ ከዚያም ጥቂት ደቂቃ እንራመድ። ዕቃውንም አንድ በአንድ፣ ወደ ሰውነታችን አስጠግተን፣ ሳንጠማዘዝ እናንሣ። በመንገድ ላይ ደግሞ ሾፌሩ ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ እንዲያቆም ከመነሻው እንስማማ፤ ሲቆምም ወርደን እንራመድ። ከጎማ በላይ ያለውን ወንበር አንድ ሰው ብቻ ሌሊቱን ከሚይዘው በየመቆሚያው ብንለዋወጥ ይሻላል።

ስለ ጠረጴዛውም ጥቂት እንበል። በ1999 (እ.ኤ.አ.) ቪልከ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በጀርመን አገር በአንድ ፈቃደኛ ሰው ዲስክ ውስጥ መለኪያ አስገብተው ግፊቱን መዝግበዋል። ተዝናንቶ ሲቀመጥ የነበረው ግፊት ቆሞ ከነበረው እምብዛም አይለይም ነበር። ወንበሩን ደገፍ ብሎ ሲቀመጥ ግን ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ፤ ወደ ፊት ሲያጎነብስ ደግሞ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ልኬቱ የአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ እንደ ሕግ አንወስደውም። ሆኖም ደገፍ ብሎ መቀመጥ ስንፍና አለመሆኑን ያሳያል። መቀመጫችንን እስከ ወንበሩ ጥግ እናስጠጋ፤ ክንድ በሚያህል ውፍረት የተጠቀለለ ፎጣ ከቀበቶው ከፍ ብሎ ከጀርባችን እናድርግ፤ ለመጽሐፉም ሌሎች መጻሕፍት ደርድረን ከፍ እናድርገው። እንዲህም ሆኖ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተን አንድ ሁለት ደቂቃ ካልተንቀሳቀስን ፎጣው ብቻውን አይጠቅመንም።

ወደ ባልደረባችን እንመለስ። አራት ቀን ሙሉ ከአልጋ ሳይወርድ ተኛ፤ ወገቡም ይበልጥ ግትር አለ። በ1995 (እ.ኤ.አ.) የወጣ፣ በፊንላንድ የተካሄደ ጥናት የወገብ ሕመም በድንገት ከያዛቸው ሠራተኞች መካከል ሕመሙ በፈቀደላቸው መጠን የዘወትር ተግባራቸውን የቀጠሉት ሁለት ቀን እንዲተኙ ከታዘዙት ፈጥነው መዳናቸውን አሳይቷል። በአምስተኛው ቀን መክረነው በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ ያህል በኮሪደሩ መራመድ ጀመረ። ሐኪም ያዘዘለትን ኢቡፕሮፌን ከምግብ በኋላ ለጥቂት ቀን ወሰደ፤ ይህ መድኃኒት የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት አይሆንም። ሲራመድ መጠነኛ ሕመም ቢሰማውም አላቆመም፤ ሕመሙ ወደ እግሩ ከወረደ ግን እንዲያቆም ነግረነው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ክፍል ገብቶ፣ በየመሐሉ ከኋላ እየቆመ ትምህርቱን ይከታተል ነበር። የወገብ ቀበቶ ሊገዛም አስቦ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ቀበቶን በመደበኛነት መጠቀምን አይመክርም።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ከመቀመጥ ለሚመጣ ሕመም ነው። ይህ ሕመም እንቅስቃሴ ሲለዋወጥ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ በሳምንታት ውስጥም እየቀለለ ይሄዳል። ከዚህ የተለየ ሲሆን ግን ወጌሻም መታሸትም ሳንሞክር ወደ ሐኪም እንሂድ። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ ከደነዘዘ፣ ወይም እግር እየከዳ ከመጣ ነርቮች ተጨቁነዋል ማለት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል፤ የሳዑዲ ቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ቁጥር 997 ነው።

ቢተኙም የማይተው፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ያለበት፣ ሰውነትን የሚያከሳ የወገብ ሕመምም ከወንበር አይመጣም። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በመጀመሪያ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ሊታሰብ ይገባል፤ ሳንባ ሳይነካ ወገብን ብቻ ሊይዝ ይችላልና። እዚህ አገር ደግሞ ያልፈላ የግመል ወይም የፍየል ወተት በመጠጣት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ አለ፤ እርሱም ወገብንና ዳሌን ያሳምማል። ሁለቱም በመድኃኒት የሚድኑ ናቸው። ስለዚህ ሐኪሙ ባይጠይቀንም እንኳ ያልፈላ ወተት ጠጥተን ከሆነ፣ ወይም ነቀርሳ ከያዘው ሰው ጋር ኖረን ከሆነ፣ ራሳችን እንንገረው።