ውሃ መርሳ ላይና ወልድያ ላይ ሲፈላ

መርሳ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ፣ ወልድያ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ይላሉ። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ መርሳ ላይ በ95፣ ወልድያ ላይ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። የባቄላ ንፍሮ ደጋ ላይ የሚዘገየውም ለዚህ ነው።

ለመጠጥስ? ተቅማጥ አምጪ ተህዋስያን በ93 ዲግሪም ይሞታሉ፤ ጊዜ ብቻ ስጡት። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መመሪያ እስከ 2,000 ሜትር 1 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ 3 ደቂቃ ይላል። ስለዚህ ወልድያ ላይ 3 ደቂቃ አፍሉ። ቆጠራው የሚጀምረው ውሃው ሲንተከተክ ነው፤ መጀመሪያ የሚታዩት ትንንሽ አረፋዎች የሚወጣ አየር ናቸው።

የሕክምና መሣሪያ ግን በማፍላት ብቻ አይመክንም። ጠንካራ የባክቴሪያ ዘሮችን ለመግደል በግፊት የታፈነ የ121 ዲግሪ እንፋሎት ያስፈልጋል።