ስልሳ ግራም ቅቤ ስንት ግራም ስብ ነው?

እኩል የተመዘነ ለጋ ቅቤና ንጥር ቅቤ ወጥ ውስጥ ሲገቡ እኩል ስብ አይሰጡም። ለጋ ቅቤ ሁሉ ስብ አይደለም፤ ከመቶው እጅ 80 ያህሉ ስብ፣ ከ16 እስከ 17 የሚሆነው ውሃ፣ የቀረው ደግሞ ጥቂት የወተት ፕሮቲንና ስኳር ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ሱቆች የሚሸጠው ተራ ቅቤም ቢያንስ 80 በመቶ ስብ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል።

ቅቤው ከኮረሪማው፣ ከኮሰረቱና ከበሶብላው ጋር በለስላሳ እሳት ሲነጠር ውሃው ይተናል፤ የወተቱ ፕሮቲንም ድስቱ ሥር ይዘቅጣል። አረፋው ሲከስም፣ መንጣጣቱ ጸጥ ሲልና ዘይቱ እስከ ሥሩ ሲያሳይ ውሃው አልቋል ማለት ነው። ተጠልሎ የሚወጣው ከ99 በመቶ በላይ ስብ ነው። ቅመሙ መዓዛ እንጂ ይህ ነው የሚባል ካሎሪ አይጨምርም። ማንጠርም አዲስ ስብ አይፈጥርም፤ የነበረውን ያጠራቅማል እንጂ። ለዚህ ነው ግማሽ ኪሎ ለጋ ቅቤ ተነጥሮ 400 ግራም ገደማ የሚሆነው።

ለአራት ሰው የሚሠራ የምስር ወጥ እንውሰድ። ሽንኩርቱንና በርበሬውን ለጊዜው እንተዋቸው። 200 ግራም ክክ ምስር 48 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 125 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 4 ግራም ስብና 700 ካሎሪ ገደማ አለው። 60 ግራም ለጋ ቅቤ ከተጨመረበት 48 ግራም ስብና 430 ካሎሪ ይታከላል። በምትኩ 60 ግራም ንጥር ቅቤ ከገባ ግን ስቡ ወደ 60 ግራም፣ ካሎሪው ወደ 535 ይደርሳል። በአንድ ሰው ድርሻ ልዩነቱ 3 ግራም ስብና 26 ካሎሪ ነው። ፕሮቲኑና ካርቦሃይድሬቱ ንቅንቅ አይሉም። ከወጡ ካሎሪ ውስጥ የስቡ ድርሻ ግን ከ41 ወደ 47 በመቶ ከፍ ይላል።

ይህ ልዩነት ትንሽ ነው። ትልቁ ስህተት ያለው ማንኪያው ላይ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ንጥር ቅቤ 13 ወይም 14 ግራም ይመዝናል፤ የረጋው ተቆልሎ ሲዛቅ ግን ክብደቱ በእጅጉ ይበልጣል። ሦስት ማንኪያ ብላ የቆጠረች ወጥ ሠሪ ሳታውቀው የአምስት ማንኪያ ስብ ልትጨምር ትችላለች። መፍትሔው የቅቤውን ዕቃ ከመዛቅዎ በፊትና በኋላ መመዘን ነው፤ የጎደለው ወጡ ውስጥ የገባው ነው።

የምግብ አሠራሩ ለጋ ቅቤ ብሎ እርስዎ ንጥር ቢጠቀሙ አንድ አምስተኛውን ይቀንሱ፤ በ60 ግራም ፈንታ 48 ይበቃል። የሚበሉትን የሚመዘግቡ ከሆነም ንጥሩን በተራ ቅቤ ስም አያስገቡ፤ የስቡ ቁጥር ከእውነተኛው ያንሳል።