ቀለበቱ ለምን ወደ ኋላ ይቀራል?

2 ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ አንዱ ጫፉ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል እንበል። ከላይ ድፍን የብረት ዱላ ቁራጭና ከስስ የውሃ ቧንቧ የተቆረጠ ቀለበት ጎን ለጎን ይያዙና ሳይገፉ እኩል ይለቀቁ። ድፍኑ በ2.5 ሰከንድ ገደማ ታች ይደርሳል። ቀለበቱ በዚያች ቅጽበት ገና 1.5 ሜትር ላይ ነው፤ የቀረውን ግማሽ ሜትር ለመጨረስ 0.4 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል።

ብዙ ሰው ምክንያቱን ከክብደት ሊያገኘው ይሞክራል። ቀለበቱ ግን የድፍኑን አሥር እጥፍ ቢመዝን፣ ወይም ሁለት እጥፍ ቢሰፋ፣ ውጤቱ ያው ነው። ወሳኙ ቁሱ ከመሃሉ ምን ያህል ርቆ መቀመጡ ነው።

ሁለቱም ሲወርዱ ከከፍታው የሚያገኙት ጉልበት ለሁለት ሥራ ይከፈላል፦ ወደ ፊት ለመሄድና ለመሽከርከር። ሳይንሸራተት የሚንከባለል ነገር፣ ጠርዙ በዛቢያው ዙሪያ የሚሽከረከርበት ፍጥነት ዕቃው ወደ ፊት ከሚሄድበት ጋር እኩል ነው። የቀለበቱ ቁስ ሁሉ ደግሞ ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ለመሽከርከር የሚያወጣው ጉልበት ለመሄድ ከሚያወጣው ጋር እኩል ይሆናል፤ ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። በድፍኑ ግን አብዛኛው ቁስ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ስለሚገኝ ቀስ ብሎ ይዞራል። በግማሽ ርቀት ላይ ያለች ቅንጣት የፍጥነቷ ግማሽ፣ የጉልበቷ ደግሞ ሩብ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። ይህ ሁሉ ሲደመር ድፍኑ ለሽክርክሪት የሚከፍለው ሲሶውን ብቻ ነው፤ ሁለት ሦስተኛው ለጉዞ ይተርፈዋል።

ይህን የቁስ ሥርጭት የሚለካው የፊዚክስ መጠን ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ ይባላል። የእያንዳንዷ ቅንጣት መጠነ ቁስ ከዛቢያው ባላት ርቀት ካሬ ተባዝቶ ይደመራል። ለስስ ቀለበት mr²፣ ለድፍን ሲሊንደር ½mr² ይመጣል። ክብደትና ስፋት ከውድድሩ የሚወጡትም ለዚህ ነው፦ m እና r በጉዞውም በሽክርክሪቱም ሒሳብ ውስጥ ስላሉ ይጣፋሉ፤ የሚቀረው 1 ወይም ½ የሚለው ቁጥር ብቻ ነው። ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው በተዳፋት ላይ የሚንከባለል የነሐስ ኳስም ቢሆን ከዚህ ዕዳ አላመለጠም፤ ለድፍን ኳስ ቁጥሩ ⅖ ነው፤ በዚህ ውድድር ቢገባ ድፍኑን ዱላ ራሱን ይቀድመው ነበር።

ሙከራው የሚበላሸው ጣውላው በጣም ሲቆም ነው። ዕቃዎቹን የሚያሽከረክራቸው ከጣውላው ጋር ያላቸው ሰበቃ ነው፤ ቀለበቱ ደግሞ ከድፍኑ የበለጠ ሰበቃ ስለሚፈልግ ቀድሞ መንሸራተት ይጀምራል። ሲንሸራተት ደግሞ ልዩነቱ ይዛባል። ሰበቃ ጨርሶ ባይኖር ኖሮ አንዳቸውም አይሽከረከሩም፣ እኩልም ይደርሳሉ። ለማጣራት ጎኑ ላይ በጠመኔ አንድ ምልክት ማድረግ ይበቃል፦ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት በአንድ ዙር 9.4 ሳንቲ ሜትር ያህል መሄድ አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ተንሸራቷል።